የባሮ ዳር ሰዓት ጎሬ ላይ

አዲሱን የጋምቤላ ክልል ወክላ የምትሮጠው ኛጋይ ለልምምድ ጎሬ ደጋ በወጣች በሦስተኛው ቀን አንድ ሺህ ሜትሩን ቆላው ባሮ ዳር ከምትሮጥበት ሰዓት አሥር ሰከንድ ዘግይታ ጨረሰች። የሁለት ደቂቃ ዕረፍቷ አልቆም ትንፋሿ አልተመለሰም።

«ሰነፍሽ!» አለ አሰልጣኟ መምህር ዘውዱ። ትውልዱ ጎሬ ነው፤ ስድስት ዓመት ጋምቤላ ቢያስተምርም፣ ደጋው ከደሜ አይወጣም ባይ ነው። ሰዓት መያዣውን አስጨብጧት ጋምቤላ በየማለዳው በሚያስሮጣት ፍጥነት ተፈተለከ። ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ፤ አየር አጠረው።

ኛጋይ ሰዓቱን አየች።

«መምህር፣ ሁለት ደቂቃው አልቋል፤ ይነሱ እንጂ።»

መምህር ዘውዱ እያለከለከ ደብተሩን አውጥቶ የጋምቤላውን ሰዓት ሰረዘና ጻፈ፦ «እስክንለምደው በቀስታ። ዕረፍት አራት ደቂቃ፣ ለሁለታችንም።»