ግቢውን የዞረው ማመልከቻ

የእኛ ርዕሰ መምህር ደብዳቤ ማንበብ አይፈሩም፤ የሚፈሩት መፈረም ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊያቸው ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ሲያርፍ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉታል፣ መልሰው ያጠልቁታል፤ ከዚያ ኅዳጉ ላይ «ለሚመለከተው ይመራ» ብለው ጽፈው ለእኔ ይመልሱልኛል። መምህራኑ «ጋሼ ይመራ» ብለው ስም ያወጡላቸው ለዚህ ነው። ይህን ስም እንደማያውቁት ሁሉም እርግጠኛ ነው። ያውቁታል።

ሰኞ ጠዋት የባዮሎጂ መምህርቷ ማመልከቻዋን ይዛ ገባች። እሷ የዚሁ ትምህርት ቤት ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ፊዚክስ ያስተማሯት እኚሁ ርዕሰ መምህር ናቸው። አሁን ቅዳሜና እሑድ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ የመመረቂያ ጥናቷ ብቻ ቀርቷታል። ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው፤ ለሠላሳ ስድስት መምህራንና ለስድሳ ተማሪዎች መጠይቅ ለማስሞላት ፈቃድ ይጠይቃል። ከጀርባው የትምህርት ክፍሏ የትብብር ደብዳቤና የመጠይቁ ናሙና ተያይዘዋል። ስም አይጻፍም፣ የክፍል ሰዓት አይነካም፣ ተማሪዎቹ የሚሞሉት ወላጆቻቸው ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ምኑም አልጎደለም።

«እትዬ፣ እስከ ዓርብ ካልተፈረመልኝ አለቀልኝ» አለችኝ። «ዓርብ ለወላጆች ወረቀት ልኬ፣ ሰኞና ማክሰኞ ካላስሞላሁ ረቡዕ ፈተና ይጀመራል። አማካሪዬ ደግሞ በዚህ ወር መረጃ ካላመጣሽ በሚቀጥለው ዓመት እንገናኝ ብሎኛል።»

«ምነው ቀደም ብለሽ አላመጣሽም?»

«መጠይቁን አራት ጊዜ መለሰብኝ እኮ!»

የ«ገቢ» ማኅተሜን መታሁላት። አባሪውንም ጭምር የመምታት አመል አለብኝ፤ የጠፋ ወረቀት በኋላ የእኔ ሥራ ስለሚሆን። የጥናቷን ርዕስ ያየሁት ማኅተሙ ከደረቀ በኋላ ነው፦ የርዕሰ መምህር አመራርና የመምህራን የሥራ ፍላጎት። ወይ ጉድ! አልኩ በሆዴ።

ርዕሰ መምህሩ ማመልከቻውን ፈገግ እያሉ ጀመሩት። አባሪው ላይ ሲደርሱ ፈገግታው የት እንደገባ አላውቅም። ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ጣታቸው ቆመ፦ «ርዕሰ መምህሩ የመምህራንን አስተያየት ከልብ ይሰማሉ።» ከጎኑ አምስት ሣጥኖች አሉ፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም»። መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ ለምክትላቸው መሩት።

ምክትላቸው በበኩላቸው ሞኝ አይደሉም። አለቃቸውን የሚመዝን ወረቀት ማን ይፈርማል? ማክሰኞ ለሳይንስ ክፍል ኃላፊው መሩት። ኃላፊው «የተማሪዎች ጉዳይም ስላለበት» ብሎ ረቡዕ ለምክር አገልግሎት መራው። የምክር አገልግሎት ባለሙያዋ ሐሙስ ዕለት ኅዳጉ ላይ ቦታ አጥታ ከጀርባ ጻፈችበት፦ «ጥናት ነክ ስለሆነ ለጥናትና ምርምር አስተባባሪ ቀርቦ አስፈላጊው እንዲፈጸም።» እኔም የተመራልኝን ማድረስ ነው ሥራዬ። ዓርብ ጠዋት አስተባባሪው ማን እንደሆነ መዝገቤን ገለጥኩና ሳቄ አመለጠኝ።

አስተባባሪዋ ራሷ የባዮሎጂ መምህርቷ ናት።

ወረቀቱን ስሰጣት መጀመሪያ እንደ እኔ ሳቀች። ከዚያ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አምስት ቀን ግቢውን ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ!»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ? ፈርሚው» አልኳት። «ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። በሕግ የተመራልሽ አንቺ ነሽ።»

«ራሴ ጠይቄ ራሴ ልፍቀድ? ከዚያ ስለ አመራር ላጠና?» ተነሣች። «ጋሼ ፊቴን አይተው ይከልክሉኝ።»

በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች። እኔ እንደ ጸሐፊ ወግ መስማት አልነበረብኝም፤ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ የራሴን ማመልከቻ እንድወስንበት መሩልኝ።»

«እኔ? እኔ ለምክትሌ ነው የመራሁት!»

«ቢከለክሉኝ ይሻለኝ ነበር።»

ወንበራቸው ተንቋቋ። «እሺ፣ ልፈርም» አሉ። «ግን የተሞላውን መጀመሪያ እኔ ልየው። እንዲሁ ለማወቅ ያህል።»

«አይሆንም።»

«ስም የለበትም እኮ፣ ልጄ!»

«ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ስም ሳንጽፍ ስለ ትምህርትዎ አስተያየት አስጽፈውን ነበር፤ ያስታውሳሉ?»

«አንቺ ‹በጣም ይፈጥናሉ፣ ምንም አልገባኝም› ብለሽ ጻፍሽ» አሉ ወዲያው።

«የእኔ መሆኑን በምን ዐወቁ?»

«በእጅ ጽሑፍሽ ነዋ።»

«አዩ፣ ጋሼ? ለዚህ ነው የማያዩት።» ድምፅዋ ለስለስ አለ። «በማግስቱ ግን ቀስ ብለው ማስተማር ጀመሩ። ፊዚክስ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ልጆቹ ምን ይሉኛል ብለው አልፈሩም።»

«ያኔ ወጣት ነበርኩ» አሉ። ድምፃቸው የእውነት ነበር። «አሁን ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ አይሰማም ቢሉኝ የት እገባለሁ?»

ምን እንደመለሰችላቸው አልሰማሁም፤ ስልኩ ጠራብኝ። ስመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ኅዳጉ ስለሞላ «ተፈቅዷል» የሚለውን በማመልከቻው መሐል፣ በመስመሮቹ መካከል አጥብበው ጽፈውታል። ከሥሩ ፊርማቸው አለ። የመጠይቁ ናሙና ግን ከአባሪው ውስጥ አልነበረም። ረስተውት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

የወላጆች ወረቀት የዚያኑ ዕለት ወጣ። ሰኞና ማክሰኞ ተማሪዎቹ ለእሷው ሲመልሱ፣ መምህራኑ በዕረፍት ሰዓት ሞልተው ቢሮዬ ባለው የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ከተቱ። ርዕሰ መምህሩ ሁለቱንም ቀን «ሰው እንዳይሳቀቅ» ብለው ከግቢ ወጡ። ጥበቃው እንደነገረኝ ግን ከአጥሩ ማዶ አንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ያንኑ ጋዜጣ ሁለቱንም ቀን ሲያነቡ ነው የዋሉት። ማክሰኞ ጠዋት ብቻ አንዴ ቢሮዬ ብቅ አሉ። ጃንጥላቸውን ረስተው ነው አሉ። ጃንጥላ እንደሌላቸው የማላውቅ መስሏቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት ሣጥኑን ከፈተችው። እኔ ቆጠርኩላት። ለመምህራን የታደለው ሠላሳ ስድስት ነበር፤ ሠላሳ ሰባት ወጣ። ከመካከላቸው የአንዱ ጥግ ላይ የ«ገቢ» ማኅተሜ አለበት።

ከአባሪው የጎደለው ናሙና ነው። ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ምልክቱ «አልስማማም» የሚለው ሣጥን ውስጥ ነበር። መጨረሻ ላይ «ሌላ አስተያየት ካለ» በሚለው ቦታ፣ በዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በማውቀው ጽሑፍ፣ አንዲት መስመር ተጽፋለች፦ «አንድ ወረቀት ለመፈረም አምስት ቀን ፈጀብኝ።»

«ይሄ ከቁጥር አይገባም» አለች የባዮሎጂ መምህርቷ፤ «ጋሼ ከተመረጡት መምህራን ውስጥ የሉም።» ሠላሳ ስድስቱን አስተካክላ በላስቲክ አሰረች።

«ታዲያ ልቅደደው?»

«ምን ነካሽ፣ እትዬ!» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የጻፈችውን ወረቀት እሳቸው እንዳልረሱት ሁሉ፣ እሷም ይህን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።