ኢንቨስተር በልደቱ ፎቶ ውስጥ

ውሻው ኢንቨስተር የተባለው ሰፊ መሬት አጥሮ፣ አንዲት ነገር ሳያለማ፣ የተጠጋውን ሁሉ ስለሚነክስ ነው። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ያውም ተራ በተራ ከተነከሱ በኋላ።

ኤርሚያስ ደግሞ ከባህል አዳራሽ ዝቅ ብሎ ባለ ፎቶ ቤት በፎቶሾፕ ስሙ የተጠራ ነው። የሞተ አባት ከሙሽራ ልጁ ጎን ያቆማል፤ የተጣሉ ወንድማማቾችን ያለ ሽማግሌ ያስተቃቅፋል።

“ኤርሚዬ፣ ነፍስ አድንልኝ” አሉ እትዬ አስካለ፣ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ወርውረው። “ውሻዬን እዚህ ውስጥ አስገባው።”

ፎቶው የልጃቸው የኪሩቤል አምስተኛ ልደት ነው፤ ልጁ ሻማ ሊያጠፋ ጉንጩን ነፍቷል። በዚያው የልደት እሑድ፣ ኬኩ ሲቆረስ፣ ኢንቨስተር በአጥር ሾልኮ የጎረቤታቸውን የበላይነህን ባት ዘንጥሎታል። ቅዳሜ ሽማግሌ ይቀመጣል። መንከሱ ከተረጋገጠ ውሻው ይገደላል። ፎቶው ግን ኢንቨስተር በሰዓቱ ልደት ላይ እንደነበር ይመሰክርለታል።

“እንግዶቹ አልነበረም ቢሉስ?”

“ኬኬን በልተው?”

ኤርሚያስ ሳቀ። ለውሻ ምስክር ሆኖ አያውቅም። አብረው የሰጡትን የውሻውን ፎቶ ግን መለሰላቸው። “ይሄን ቆመው ነው ያነሱት፣ እትዬ። ከልጁ ጎን ባደርገው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሽቅብ የሚያይ ይመስላል። ፀሐዩም ከአናቱ ነው፤ ልደቱ በፍላሽ ነው፣ ያውም ከቀኝ። ራሱን ያምጡልኝ።”

በሰንሰለት እየጎተቱ አመጡት። ኤርሚያስ ውሻውን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ዐይኑን ከልጁ ዐይን አቻ አደረገ፤ ራሱ ተንበርክኮ ሌንሱን እዚያው ልክ ያዘ፣ ፍላሹን በቀኝ ተከለ። የመጀመሪያው ብልጭታ ሲፈነዳ ኢንቨስተር ከበርጩማው ተወርውሮ ክንዱ ላይ ተጣበቀ። መብራቱ ወደቀ፣ ነጩ መጋረጃ ተቀደደ፣ የኤርሚያስ ደም ጫማው ውስጥ ገባ። እትዬ አስካለ የውሻውን መንጋጋ በሁለት እጃቸው ፈልቅቀው “አይዞህ፣ አይዞህ” አሉ። ለውሻው ነበር።

አንዷ ፎቶ ግን ወጥታለች።

በታሸገ ክንዱ፣ መብራት በመጣ ቁጥር እየተቀመጠ ሠራት። ጠርዙን በመቀስ እንደቆረጡት አላደረገውም፤ ጸጉር በጸጉር ለቀመው፣ ከነጩ መጋረጃ የተረፈውን ነጭ ድንበር አጠፋ፣ ቀጫጭን ጸጉሮች በልጁ ሸሚዝ ላይ አሳለፈ። በግራ በኩል አጠቆረው፤ የሳሎኑን ቢጫነት ቀባው፤ ጥላውን ግድግዳው ላይ የልጁ ጥላ በወደቀበት አቅጣጫ ጣለው። በዐይኖቹ ውስጥ ያለችው የፍላሽ ነጥብ ከልጁ ጋር አንድ ቦታ መዋሏን አየ። በጥላው በኩል ያለው ጆሮ ላይ የደረቀ ደም ነበር፤ አጸዳው። የጆሮውን ስንጥቅ ግን ዙሪያውን እየተከተለ፣ እያንዳንዷን ጸጉር እየጠበቀ አሳመረው። እንዲህ ያለ ጠርዝ ሠርቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ በእትዬ አስካለ ግቢ ተቀመጡ፤ ኢንቨስተር በሩ አጠገብ ታስሯል። ኤርሚያስም ሥራው ሲደነቅ ለማየት መጥቷል። ጋሽ ይልማ፣ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ፣ ፎቶውን ከመነጽራቸው አርቀው፣ መልሰው አቅርበው አዩ።

“ውሻው ከልጁ ጋር ነው እንግዲህ። በላይነህ፣ የነከሰህ የሌላ ሰው ውሻ እንዳይሆን።”

በላይነህ እያነከሰ መጥቶ ፎቶውን ነጠቀ። ወደ ዐይኑ አስጠጋው። ከዚያ ሳቀ፣ ደስ የማይል ሳቅ።

“ጋሽ ይልማ፣ ይህችን ጆሮ ያዩዋታል? ባቴ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ በገጀራ የሰነጠቅኳት እኔ ነኝ! ገና ሳይነክሰኝ ማን ሰነጠቀለት? ኬኩን የቆረሱበት ቢላ ነው?”

ኤርሚያስ ጆሮዎቹ ጋሉ።

“አንቺ ውሸታም!” አለ በላይነህ ወደ እትዬ አስካለ ዞሮ።

የእትዬ አስካለ ባል ወልደአማኑኤል የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ በላይነህ ፊት ላይ ሰበረው። ሁለት ጥርስ ጠጠሩ ላይ ወደቀ። በላይነህ በግንባሩ አፍንጫውን አደቀቀው። ሊገላግሉ የገቡት ሽማግሌ ከመሀል ቡጢ ቀምሰው ዱላ አነሱ። ኤርሚያስ “የሠራሁት እኔ ነኝ!” ብሎ ሲጮህ የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በጥፊ መለሰለት።

ኢንቨስተር ሰንሰለቱ እስኪጮህ ይዘል ነበር። በላይነህ ደም እየተፋ፣ አጥሩ ሥር ያኖረውን ገጀራ አንስቶ ወደዚያ ሮጠ። እትዬ አስካለ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው መሀል ገቡ፤ በትከሻው ገፈተራቸው። ገጀራው አንዴ ወረደ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሰንሰለቱ መንኮሻኮሽ ብቻ ሆነ፤ እሱም ቆመ።

ሽማግሌዎቹ አቧራቸውን አራገፉ። “እንግዲህ ነገሩ አልቋል” አሉ ጋሽ ይልማ፣ ከንፈራቸው አብጦ።

እትዬ አስካለ ፎቶውን ከመሬት አንስተው፣ ደሙን በነጠላቸው ጠርገው ኤርሚያስ ዘንድ መጡ።

“ጆሮውን ድፈንልኝ።”

“እትዬ፣ አሁን ለማን ምስክር ይሆናል?”

“ለኪሩቤል ነው። እንዲህ ሆኖ እንዲያየው አልፈልግም።”

“ደህነኛውን ጆሮ ገልብጬ ብተካው ብርሃኑ በተቃራኒ ይመጣል። ያስነቃል።”

“ይምጣ” አሉ። “የሚከሰን ማን ቀረ?”