የጋሽ ከበበው ካርድ በሊታ

ካርድ ያለቀበት ደላላ ቁጭ ብሎ ከማዛጋት ሌላ ሥራ የለውም። የለቡ መብራት ኃይል ሰፈሩ የቤት ደላላ ጋሽ ከበበው ከወራት ወዲህ እንዲህ ሆኖ ከረመ። በትንሽ በትንሹ የሚሞላ ሰው ነውና፣ ማታ የሞላው ካርድ ጠዋት የለም። ገዢ ቆሞ ሲጠብቀው እሱ ስልኩን እያየ ይራገማል።

ጥርጣሬው ሩቅ አልሄደም። አብሮት የሚሠራው ነጋ «ጋሼ፣ አንዴ ልደውልበት» እያለ ስልኩን መውሰድ ይወዳል። ታዲያ ከነጋ ሌላ ማን ይነካዋል? አንድ ጠዋት ጋሽ ከበበው በከድጃ ሱቅ በራፍ ለተሰበሰቡት ደላሎች ሁሉ፣ ነጋ ካርዱን የሚበላ ሌባ ስለሆነ ከእንግዲህ አብሮት እንደማይሠራ አወጀ። ደላላ ወሬ አያሳድርም። ቀኑ ሳይመሽ፣ እትዬ ተሾመች ፉሪ ያለውን ቤታቸውን እንዲያሻሽጥላቸው ለነጋ የሰጡትን ቁልፍ አስመለሱ። ቁልፍ የሚሰጠው ታምኖ ነው፤ እምነት ካጣ ነጋ ሥራ የለውም።

ነጋ በነጋታው መጣ። ፊቱ ቢጠቁርም አልጮኸም።

«ስልኩን አምጣ ጋሼ። የት የት እንደደወልኩ አብረን እንይ።»

የጥሪውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አዩት። የነጋ ጥሪ ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱም አጫጭር። ጋሽ ከበበው ትንሽ ደነገጠ፣ ግን እልኸኛ ነውና ስህተቱን ማመን አልፈለገም። ነጋ ወደ መልእክቶቹ ገባ።

እዚያ ጉድ ነበር። ጋሽ ከበበው መነጽር ያስረጀኛል ስለሚል መልእክት አያነብም፤ ደንበኛ እንዳይቀየም ብሎ ግን ለሁሉም OK ብሎ ይመልሳል። ከአራት አኃዝ ቁጥር ለመጣውም እንዲሁ መልሶ ነበር። ነጋ ጮክ ብሎ አነበበለት፦ «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በነጻ። ለመመዝገብ OK ብለው ይላኩ። ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ብር ይቆረጣል። ለማቋረጥ STOP ብለው ይላኩ።»

«በነጻ ይላል እኮ» አለ ጋሽ ከበበው።

«ሦስት ቀን ነዋ። አንተ ዝም ስትል በየቀኑ ሲቆርጥ ከረመ። ሒሳብ ሲያጣ ደግሞ እስክትሞላ ጠብቆ ይወስዳል።» ነጋ የዕለቱን መልእክት ከፍቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ውድ እናት፣ ሃያኛ ሳምንትዎን ይዘዋል። ጽንሱ የሙዝ ያህል ረዝሟል። ሲተኙ በጎንዎ ይሁን።»

«እናት ማን ናት?»

«አንተ ነህ ጋሼ።»

ጋሽ ከበበው ስልኩን ነጥቆ መልእክቱን ሊያጠፋ ተጣደፈ። ነጋ እጁን ያዘው።

«መልእክቱን ማጥፋት ቆረጣውን አያቆመውም። ለዚያው ለላከልህ ቁጥር STOP በል።»

ጋሽ ከበበው ግን ሰውን በደረቁ አቁም ማለት ነውር መሰለው። «Stop እባካችሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ላከ። ያስገቡት ቃል ትክክል አይደለም የሚል መልስ መጣ።

«ምስጋናው ይቅር፤ ማሽን ነው የምታናግረው» አለ ነጋ።

ቃሏን ብቻዋን ሲልክ፣ ከአገልግሎቱ መውጣቱን የሚያረጋግጥ መልእክት ደረሰው። ነጋ አሁንም አላመነም፤ ሌላም ይኖራል ብሎ ወደ ታች ፈለገ። ከሌላ ቁጥር የሚመጣ የፀጉር እንክብካቤ ምክር አገኘ። የጋሽ ከበበውን መላጣ አየና ለዚያኛውም ለብቻው STOP አስላከው።

በማግስቱ ካርዱ እንዳለ ነበር። ጋሽ ከበበውን ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሰው ፊት የተናገረውን በሰው ፊት ማስተባበል አለበት። ከድጃ በራፍ ሄዶ «ችግሩ የስልኬ ነው፤ ነጋ ንጹሕ ነው» አለና ሊያመልጥ ፈለገ።

ደላላው ለሜሳ አልለቀቀውም። «ስልክህ ምን ሆኖ? ወይስ አስፈራርቶህ ነው?»

ነጋ ጥግ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ይህ አንገት መድፋቱ ጋሽ ከበበውን ከስድብ በላይ አመመው። ያንን የጠላውን መነጽር አውጥቶ አደረገና፣ ከውድ እናት ጀምሮ እስከ ሙዙ ድረስ አነበበላቸው።

ለሜሳ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ስኳር ስትመዝን የነበረችው ከድጃ ቀና ብላ «በሰላም ያገላግልህ» አለችው።

ጋሽ ከበበው ሳቁ እስኪበርድ አልጠበቀም። እዚያው በሁሉም ፊት እትዬ ተሾመች ጋ ደወለ።

«ነጋን በከንቱ ነው የከሰስኩት እትዬ። ቁልፉን ይመልሱለት።»

«ደግሞ ምን ተገኘና ነው?» አሉ እትዬ ተሾመች። «ትናንት ሌባ፣ ዛሬ ንጹሕ። ምክንያቱን ካልነገርከኝ ቁልፌን አልሰጥም።»

ጋሽ ከበበው ነጋን አየው። ነጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ቀና ብሎ ነበር።

«እትዬ» አለ ጋሽ ከበበው፣ «እርጉዝ ሆኜ ነው።»