በግራ በኩል፣ መስኮቱ አጠገብ

ሰርካለም መተማ ዮሐንስ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። አገር የሚያውቃት ግን በማስተማሯ ሳይሆን በስልኳ ነው። አውቶቡስ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው መንገድ ላይ እንዳይጉላላ ብላ፣ ከከተማ ከተማ እየሄደች ቪዲዮ ትሠራለች። ወደ ሽንፋ ሠርታለች፤ ወደ አብርሃ ጅራም ሠርታለች። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ሁሉ የሷን ምክር ሰምቶ ነው የሚነሳው። ይህች መንገድ አሳይ፣ የገዛ እናቷን አሳፍራ መንገዱን ሳታሳያቸው ቀረች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እናቷ ወይዘሮ አየሁሽ የተወለዱት ጭልጋ፣ አይከል ሳይደረስ ካለች መንደር ነው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ተድረው በእግራቸው ወደ ቆላ ወረዱ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። ሰሊጡ ሲታረም፣ ማሽላው ከወፍ ሲጠበቅ፣ ልጅ ሲያድግ አርባ ስድስት ዓመት አለፈ። ወላጆቻቸው ሞቱ፤ ወንድሞቻቸውም ተከትለዋቸው ቆላ ወረዱ። በመኪና ሄዱ ከተባለ በትራክተር ተሳቢ ነው፤ እሱም እስከ እርሻው ድረስ ብቻ።

ባለፈው መጋቢት ልባቸውን አመማቸውና ሐኪሞቹ ወደ ጎንደር ጻፉላቸው። ሰርካለም ደነገጠች። ድንጋጤዋ ትንሽ በረድ ሲል ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት፦ የመተማና የጎንደርን መንገድ ገና አልሠራችውም። እናቷ ደግሞ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡስ ሊሳፈሩ ነው። ክፉ አሳቢ ሆና አይደለም፤ ሥራ የለመደ እጅ ቦዝኖ መቀመጥ ስለማይሆንለት ነው።

ደብተር አውጥታ ገጹን ለሁለት ከፈለችው። በግራ «ምስል»፣ በቀኝ «ድምፅ» ብላ፣ የሚታየውንና የሚነገረውን ትይዩ ጻፈች። «ትኬታችሁን ዋዜማውን መናኸሪያ ሄዳችሁ ቁረጡ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑንም እዚያው ጠይቁ። መታወቂያችሁን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት፤ ኬላ ላይ ሁሉም ሰው ወርዶ ይፈተሻል። ዕቃችሁ ጣሪያ ላይ ሲጫን ቆማችሁ እዩ። ቆላ ነን ብላችሁ በስስ ልብስ አትውጡ፤ ጭልጋ ላይ ይበርዳል። የሚያቅለሸልሸው ሰው ከፊት ይቀመጥ፤ ሎሚና ፌስታል ይያዝ። ዳገቱ ላይ ጆሯችሁ ቢደፈን ምራቃችሁን ዋጡ። ጠዋት ወደ ጎንደር ስትሄዱ ፀሐይ በቀኝ ስለምትመጣ፣ በግራ በኩል፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ።»

ወይዘሮ አየሁሽ ዋዜማውን የነጠላቸውን ጥለት እያስተካከሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሰርኬ፣ ያ ዋርካ አሁንም አለ አሉ?»

«አለ፣ እማዬ። አጎቴ አሳይቶኛል፤ አስፋልቱ ዳር ነው።»

«እናቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን የምታሳርፍበት ነው። እኔን የሸኘችኝም እሱ ድረስ ነው፤ ከዚያ አላለፈችም። እሱ ጋ ስንደርስ ንገሪኝ። ሌላ አልፈልግም።»

«እሺ፣ እነግርሻለሁ» አለች ሰርካለም። አፏን ሞልታ ነው ያለችው።

በነጋታው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሡ። በግራ በኩል ያለው ወንበር ለሁለት ነው። ሰርካለም መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ ለመቅረጽ ግድ ነው። እናቷ በመተላለፊያው በኩል፣ የሎሚ ፌስታላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከፊታቸው የአንድ ረጅም ሰውዬ ጀርባ አለ፤ በጎናቸው የልጃቸው ትከሻና ስልክ አለ። ኮኪትን አለፉ፤ ገንዳ ውሃን አለፉ። ኬላ ላይ ወርደው ተፈትሸው ተመለሱ። ነጋዴ ባሕር ታልፎ ዳገቱ ሲጀምር አገሩ ከሥር እየተዘረጋ መጣ፣ ብርሃኑም ለቀረጻ የተመቸ ሆነ፤ ሰርካለም እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ሁሉን ነገር ረሳች።

አይከል ላይ ለቁርስ ሲወርዱ ነው እናቷ ቀስ ብለው የጠየቁት።

«ዋርካው ገና ነው?»

ሰርካለም ፊቷ በላብ ተጠመቀ፤ በዚያ ብርድ። «አለፍነው፣ እማዬ። አልፈነዋል። ስንመለስ መስኮቱ ጋ አንቺ ትቀመጫለሽ።»

ወይዘሮ አየሁሽ አልተቆጡም። መቆጣት የሚያውቁ ሴት ቢሆኑ ለልጃቸው በተሻለ ነበር። «እሺ፤ ዛፍ የት ይሄዳል» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

ዛፉስ የትም አልሄደም። እሳቸው ጎንደር በገቡ በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት ውስጥ አረፉ።

አስከሬኑን በኮንትራት መኪና ይዘው ሲመለሱ፣ ሰርካለም አውቶቡስ ላይ ያልሆነውን አሁን ላድርገው፣ ዋርካው ጋ መኪናውን አስቁሜ መጋረጃውን ልክፈት ብላ አስባ ነበር። ነገር ግን ሐዘን ለሐሳብ አይመችም። አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ ቆይታ ቀና ስትል የቆላው ሙቀት ፊቷን ገረፋት። ዋርካውን እንዲህ ሁለት ጊዜ አለፉት።

አርባው ከወጣ በኋላ ደብተሩን ይዛ ወደ ማተቤ ሄደች። ማተቤ ስልክ ይጠግናል፤ በላፕቶፑ ደግሞ ቪዲዮዋን ይቆርጥላታል። ቪዲዮው ይቅር ብሏት ነበር። እሷ ግን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከሽንፋ «ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ልሄድ ነው፤ አውቶቡስ አላውቅም፤ እባክሽ መንገዱን ሥሪልኝ» ብላ ስለጻፈችላት መጣች።

ቪዲዮውን እያዩ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ማተቤ እጁን ከላፕቶፑ ቁልፎች ላይ አነሣ። በስክሪኑ ላይ ዋርካው ከሩቅ ብቅ አለ፣ ቀረበ፣ መስኮቱን ሞላው። ጥላው ሥር ሁለት ልጃገረዶች ቢጫ ጀሪካናቸውን አሳርፈው ቆመዋል። ከጀርባ የወይዘሮ አየሁሽ ድምፅ መጣ፦

«ሰርኬ፣ ዋርካው አልደረሰም?»

ወዲያው የሰርካለም ድምፅ ተከተለ፦ «እሽ… እማዬ፣ ዝም በይ። ድምፅ ይገባል።»

ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ብቻ። እስከ አይከል ድረስ ወይዘሮ አየሁሽ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ሰርካለም እንዲህ ማለቷን ፈጽሞ አታስታውሰውም ነበር። ረሳሁ እያለች ነበር ራሷን ስትወቅስ የከረመችው። ለካስ ተጠይቃ ነበር። ለካስ ዛፉ በዓይኗ ፊት ቆሞ ሳለ ነው እናቷን ዝም ያሰኘቻቸው። «መልሰው» አለችው። መለሰው። «አንዴ ደግሞ።» ስድስት ጊዜ ሰሙት።

«ይቺን ልቁረጣት» አለ ማተቤ፣ ፊቷን ላለማየት ስክሪኑን እያየ። «ሙዚቃ ላድርግባት። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። እንዳለ ተወው።»

ደብተሩን ገለጠች። «ምስል» በሚለው ሥር «ዳገቱ» ብላ፣ በትይዩው «ድምፅ» በሚለው ሥር «ሙዚቃ» ብላ ጽፋ ነበር። ሙዚቃውን ሰረዘችና «እማዬ» ብላ ጻፈች። ከግርጌው ቀድሞ ያልነበረ ምክር ጨመረች።

ማተቤ የሱቁን በር ዘጋ፣ ማራገቢያውን አጠፋ፣ ድምፅ መቅጃውን አቀረበላት። ሙቀቱ ያፍናል። ቪዲዮው ስክሪኑ ላይ እየሄደ ሰርካለም እንደ ወትሮዋ አነበበች፦ «ወላጃችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡስ የምታሳፍሩ፣ መስኮቱን ለእሳቸው ልቀቁ። ሲጠይቋችሁም መልሱላቸው። ስንመለስ ይደርሳል አትበሉ።»

ማተቤ ያለቀ መስሎት መቅጃውን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ በዓይኗ ከለከለችው። ስክሪኑ ላይ ዋርካው እንደገና ቀረበ፤ እናቷ ጠየቁ፤ እሷም ዝም አሰኘቻቸው። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ሲቀር ወደ መቅጃው ጎንበስ አለች።

«ደርሰናል፣ እማዬ» አለች። «በግራ በኩል ነው። እይው።»