ሚስማር የማይነካው ግድግዳ

እኔ ሰይፉ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚስማር ስመታ የኖርኩ አናጢ፣ አንድ ሰሞን ሚስማር የሚባል ነገር ከሸዋ ሮቢት ጨርሶ እንዲጠፋ ተስያለሁ። ስለቴ አልሰመረም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሽቅብ ጣርማ በር ላይ ተራራው ለዋሻ መንገድ ሲፈለፈል፣ ብሩኖ የሚባል የመንገድ ቀያሽ ወደ እኛ ቆላ ወረደና የእትዬ ሐረገወይንን ጠጅ ቤት ትልቁን ክፍል ወሰደ። አልጠየቃትም። እሷም ጎረቤት ሲጠይቃት «እንግዳ መጥቶብኝ ነው» ትል ነበር፤ ምን ትበል?

ሐረገወይን ባሏ የሞተባት ናት፣ እኔም ሚስቴ የሞተችብኝ ነኝ። ሽማግሌ ልኬባት «እስከ ፋሲካ ላስብበት» ብላለች። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ግን እንዲህ አለችን ብለው ነገሩኝ፦ «ይህን ቤት ሲሠራልኝ ቋሚው ሁሉ ጥድ ነው ብሎኝ ነበር። ይኸው አራት ዓመት ምስጥ አልደፈረውም። ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው።»

ነገሩ ግን ሙሉ እውነት አልነበረም። ማእዘኑ ጥድ ነው። የመካከሉ ምሰሶና ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚም ጥድ ነው፤ ጣሪያው ቢወድቅ እኔም ሥሩ ቁጭ ብዬ ጠጅ እጠጣለሁና። የጓሮው ግድግዳ ቋሚዎች ግን ባሕር ዛፍ ናቸው። ጥድ ከደብረ ሲና ማውረድ ሰልችቶኝ በጭቃ ሸፈንኳቸው። ምስጡ ከውስጥ ሲበላ፣ ጭቃው በልማዱ ነበር የቆመው።

አንድ ጧት ብሩኖ ጠራኝ። ከአስተርጓሚዎች ጋር ብዙ ስለዋለ አማርኛ ይሞክራል። የሣላቸውን ስዕሎች መሬት ላይ ደርድሯል፤ ሃያ አራት ናቸው፣ ሁሉም ባለ ክፈፍ፣ ሁሉም ባለ መስታወት። አህያ ሥሏል፣ አህያው ቄስ ይመስላል። የአገራችን ሴቶችንም ሥሏል፣ ሁሉም የገዛ እናቱን ይመስላሉ፤ ፎቶዋን አሳይቶኛል።

«እሑድ ኮሎኔሉ ከደብረ ሲና ይመጣል» አለኝ። «በጓሮው ግድግዳ ላይ ሁሉም ይሰቀል። ይኸው አርባ ስምንት ሚስማር።»

ሚስማሮቹን መለስኩለት። «ሲኞር፣ ይህ ጭቃ ነው። ሚስማሩን አይይዝም፣ ይፈረካከሳል።»

«እንጨቱን ምታ እንጂ!» አለና ቋሚውን በጣቱ ኳኳ አደረገው። ድምፁ ባዶ ቅል ነው። እኔ ሳሌን ለቀቅሁት። ደግሞ ኳኳ አደረገ፣ ደግሞ ሳልኩ። በሩ ላይ የቆመችው ሐረገወይን «ጋሼ ሰይፉ፣ ደረትዎን ይታዩ» አለችኝ፤ አዝናልኝ።

ያን ጊዜ የጨነቀው አእምሮ ያመጣውን አመጣሁ። «ሲኞር፣ ለምን ግድግዳውን እንበሳለን? ከላይ ያለው አግዳሚ ጥድ ነው። ሁሉንም ከሱ ላይ ቁልቁል እናንጠልጥል። ነገ ስዕሉን ላዛውር ቢሉ ቀዳዳ የለ፣ ጠባሳ የለ።»

ሰውየው ዓይኑ በራ። «እንደ አክስቴ ቤት!» ብሎ ወረቀት አመጣ። አክስቱ ቤት ከጣሪያው ሥር አንድ ጠርብ ዙሪያውን ይሄዳል። ላይኛው ጠርዙ ከንፈር አለው፣ ከንፈሩ ከኋላው ሰርጎድ ያለ ነው። መንጠቆ ይነክሰዋል፤ ሽቦ ከመንጠቆው ይወርዳል፤ ስዕሉ ከሽቦው ይንጠለጠላል። በአእምሮዬ ሳልኩት፤ ሳይውል ሳያድር ጠርቤ አወጣሁት። ከአግዳሚው ጋር በየክንዱ ርቀት እየተጠመዘዘ በሚገባ ሚስማር አጣበቅሁት። ሚስማሩ የሚነክሰው ጥዱን ብቻ ነው። ግድግዳውን በጥፍሬም አልነካሁት።

የቀረው መንጠቆ ነው። አሊዪ ጋ ሄድኩ፤ አሊዪ ብረት ሲቀጠቅጥ አፉም አያርፍም። የትልቁን ስዕል ክብደት ያህል ድንጋይ መዝኜ መጣሁ። የመጀመሪያው መንጠቆ ቀጭን ነበር፣ እስከ ቀትር ተዘረጋና ድንጋዩ እግሬ አጠገብ ወረደ። ሁለተኛው ወፍራም ነው፣ አፉ ግን ሰፊ፤ ጠርቡን ነካ ሳደርገው ሾልኮ ወጣ።

«አፉ የከንፈሩን ልክ ይሁን» አልኩት። «ቢሰፋ ይሾልካል፣ ቢጠብ አይገባም።»

ሦስተኛው ነከሰ። ድንጋዩን እጥፍ አድርጌ አንጠለጠልኩበት፣ ንቅንቅ አላለም። በሽቦው ፈንታ የቃጫ ገመድ ይሁን ብዬ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ቃጫ ይለቃል፣ ስዕሉም ወደ መሬት ይወርዳል ብሎ አሊዪ ከለከለኝ። ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ሆነ። ለትልልቆቹ ስዕሎች ደግሞ እንዳያጋድሉ ሁለት ሁለት መንጠቆ አዘዝኩ።

«ወላሂ ሰይፉ፣ ለአንድ የጭቃ ግድግዳ እንዲህ የሚያዝን አላየሁም» አለኝ አሊዪ። «ዘመድህ ነው እንዴ?»

«ሊሆን ነው» አልኩት።

እሑድ ደረሰ። ሃያ አራቱም በየመስመራቸው ተንጠለጠሉ። ብሩኖ ስዕሎቹን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያንሸራተተ እንደ ሕፃን ተጫወተባቸው። ሐረገወይን አጠገቤ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለግድግዳዬ እንዲህ ይሳሱልኝ?» አለችኝ። ሰው ሲወደድ ደስ ይለዋል ይላሉ። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከጓሮ አንድ ግመል ነበር። ከበረሃ ጨው የጫነ ነጋዴ፣ ከግድግዳው ወጣ ካለው ማገር ላይ አስሮት ወደ ገበያ ሄዷል። ኮሎኔሉ ደረሰ፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ግመሉ ደነገጠና ጎተተ። የጓሮው ግድግዳ «እሺ» ብሎ ተከተለው።

ጩኸትም አልነበረውም። ሙሉው ግድግዳ ወደ ውጭ ተዘረረ። አቧራው ሲገለጥ ጣሪያው ቆሟል፣ ጠርቡ ቆሟል፣ ሃያ አራቱ ስዕሎች ደግሞ በባዶ አየር ላይ ቀጥ ብለው ተንጠልጥለዋል። አንዱም አልዘመመም። በአህያውና እናቱን በምትመስል በአንዲት ሴት ስዕል መካከል ግመሉ አንገቱን አስገብቶ ያየናል።

ኮሎኔሉ ግመሉን ብዙ ተመለከተው። ቀጥሎ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለና ብሩኖ ፊቱ ቀላ፤ «ይኼኛው ከሁሉ ይሻላል» ማለቱ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። ኮሎኔሉ ሳቀ፤ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ሳቀ። ብሩኖ ግን ስዕሎቹ በመትረፋቸው አቅፎ ሳመኝ።

ሐረገወይን አልሳቀችም። ፍርስራሹ ውስጥ ገብታ አንድ ቋሚ አነሣች። በእጇ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ጣቶቿ ላይ የቀረውን ብናኝ አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

«ለሱ የሠሩት ቆሟል» አለች። «ለእኔ የሠሩት ወድቋል።»

ብዙ ሰው ሰድቦኛል። እንደዚህ ያመመኝ ግን የለም፤ እውነት ነዋ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ደብረ ሲና ወጣሁ።

ጥዱን እየተመላለስኩ በአጋሰስ አወረድኩ፤ ያልቻለችውን በትከሻዬ። ግድግዳውን ሳቆመው ዳር ሆና ታየኛለች፤ ውሃ እንኳ አልሰጠችኝም። ቋሚዎቹን ጨርሼ በጭቃ ልመርገው ስል «ይቁም» አለችኝ። ገብታ የብሩኖን አርባ ስምንት ሚስማሮችና የእኔን መዶሻ ይዛ መጣች። ከመጀመሪያው ቋሚ ጀመረች። አንዱን ሚስማር መታችና ነቀለችው፣ ጫፉን አሸተተችው፤ የጥድ ሽታ አለው። ቀጠለች። እኔ ቆሜ አርባ ስምንቱንም ቆጠርኩ። ክንዷ ዛለ፣ ላግዝሽ አላልኩም።

የመጨረሻውን አልነቀለችውም። «እዚህ ላይ» አለችኝ ላቧን እየጠረገች፣ «ባርኔጣህን ስቀልበት።»

ብሩኖ ሲሄድ ስዕሎቹን ይዞ ሄደ፣ ጠርቡ ቀረ። ዛሬ ሽንኩርት እናንጠለጥልበታለን። ባርኔጣዬ ግን እስካሁን ያቺ ሚስማር ላይ ናት።