ከንግግሩ ጀርባ የታዩት ሰውዬ

«የወጡትን በስም ጥሪልን!» አሉ አቶ አንዳርጋቸው። «ምሥጋና፣ መዝገቡን ክፈት።»

ጸሐፊያችን ምሥጋና ከፈተ። የእድራችን ሊቀመንበር አዘው የማይከፈት መዝገብ የለም።

ወንጌላዊት ስልኳን እንደያዘች ቀረች። የእድሩን ዝግጅት በፈቃደኝነት እየቀረጸች ዩቲዩብ ላይ የምትጭንልን እሷ ናት። የዚያን እሑድ ዕቃ ቤታችን ደጃፍ የተሰበሰብነውም ቪዲዮዎቹ እንዴት እንደታዩና ቀጥሎ ምን እንደሚቀረጽ አጭር ሪፖርት ልታሰማን ነው። «የሐይቅ ዳር ጽዳት ቀን ንግግር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ታይቷል፤ በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ግማሹ ተመልካች ወጥቷል» ብትል ነው ይህ ሁሉ የመጣ።

«ጋሼ፣ ስም አያሳይም» አለች። «ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ለስንት ደቂቃ እንደታየ፣ የት ላይ እንደተተወ ብቻ ነው የሚናገር።»

«ታዲያ ማንን ቀሪ እንበል?»

እንግዲህ እድር ነን። ለቅሶ የቀረ፣ ስብሰባ የቀረ፣ ከቀብር መንገድ የተመለሰ ሁሉ ስሙ ተጠርቶ ቀሪ ይባላል። ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ በገዛ ስልኩ፣ የሊቀመንበሩን ንግግር ጥሎ ሲወጣ ዝም ከተባለማ ሥርዓት የት አለ! እኔ በበኩሌ ስም ባለማሳየቱ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ። የወጣሁት በሃያኛዋ ሰከንድ ነው።

«ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ማለት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ማለት አይደለም፤ አንዱ ሰው ደጋግሞ ሊያይ ይችላል» ስትል አቶ አንዳርጋቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማን ደጋግሞ እንዳየ ጎረቤት ነኝና አውቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያ የራሳቸው ድምፅ ከራሳቸው ስልክ ሲወጣ ሳምንት ሙሉ ሰምቻለሁ።

ሊቀመንበሩ ቀጥሎ እንዲቀረጽ የሚፈልጉት የታወቀ ነው፤ ቅዳሜ ስለ አሥር ዓመት የሥራ ዘመናቸው የሚያደርጉት ንግግር። ወንጌላዊት የምትፈልገውም የታወቀ ነው፤ አያ አዘዘ ታንኳ ሲሠሩ። አያ አዘዘ በማግስቱ እሑድ ጓዛቸውን ጠቅልለው ጎርጎራ ልጃቸው ዘንድ ይሄዳሉ። በሰፈራችን ደንገል አስሮ ታንኳ የሚያወጣ ከእሳቸው ሌላ የቀረ የለም። ወንጌላዊት ደግሞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ናት። ሁለቱንም ባንድ ቀን እንዳትቀርጽ፣ ንግግሩ ከጠዋት ይጀምራል፤ መቼ እንደሚያልቅ ባለቤቱም አያውቁት።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች። «ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ተመልካቹን የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ይወጣል። ሰው ወደኋላ እየመለሰ ደጋግሞ ያየው ቦታ ነው።»

አቶ አንዳርጋቸው ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ።

«የእምቦጭን አረም በሕዝባዊ ንቅናቄ እንንቀል ያልሁት ላይ ነው! ቁም ነገር ዘግይቶ ነው የሚገባ። አጫውችው!»

አጫወተችው። ንግግሩ እንዳለ አለ፣ ተናጋሪውም እንዳሉ አሉ። ከትከሻቸው በስተጀርባ ግን አያ አዘዘ ጎንበስ ብለው የደንገሉን እስር በጉልበታቸው ተጭነው ያጠብቃሉ፤ የታንኳዋ አፍንጫ ከእጃቸው ላይ ቀና ትላለች። ልክ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ የአቶ አንዳርጋቸው ክንድ ለንቅናቄው ይነሣና ይጋርደዋል።

«ከሥር የተጻፈውንም አንብቢልን» አልሁ። ክፋት አይደለም፣ ሪፖርት ሙሉ ይሁን ብዬ ነው።

ወንጌላዊት አቀርቅራ አነበበች። «አንዱ፣ “ፊት ያሉት ሰውዬ ዘወር ቢሉልን፤ ቋጠሮውን አላየነውም” ይላል። ሌላው ደግሞ፣ “ከሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ጀምሩ፤ ድምፁን ብታጠፉት ይሻላል።”»

ምሥጋና መዝገቡን ፊቱ ላይ ከደነው፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ድምፁን ያለው የንፋሱን ነው?» አሉ አቶ አንዳርጋቸው።

«እሱን አልጻፈም፣ ጋሼ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእርስዎ ንግግር በወረቀት አለ። የአያ አዘዘ እጅ የትም አልተጻፈም። ቅዳሜ ካለፈን አለፈን» አለች።

እጅ አውጡ ተባለ። ለታንኳው ደጃፉ ሁሉ እጅ ሆነ። ለንግግሩ የምሥጋና እጅ ብቻ ወጣ፤ እሱም እስከ ጆሮው ድረስ፣ የሚያክ መስሎ።

አቶ አንዳርጋቸው የቆለፉትን ኮት መልሰው ፈቱ። እውነቱን ለመናገር አሳዘኑኝ፤ ለሦስት ሰከንድ ያህል።

«መልካም፤ ታንኳው ይቀረጽ» አሉ። «ያለ ማብራሪያ ግን ሕዝብ ምን ይገባዋል? እኔ አብሬ ቆሜ እገልጻለሁ።» ከኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ሲሰሙ ወደቆዩት ሽማግሌ ዞሩ። «አያ አዘዘ፣ የት ብቆም ይሻላል ይላሉ?»

አያ አዘዘ አሰብ አደረጉ።

«ታንኳዋ ላይ ተቀመጥና ተናገር፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ወደ ውኃው ገፋ አደርግልሃለሁ።»