የሰባት ቁጥር ክፍል ካርድ

ካርዷን የጻፍኳት እኔው ነኝ፤ ማንም አላገዘኝም። ደግሞ እንዴት ኮርቼባት ነበር! ደብረ ማርቆስ በምሠራበት ገስት ሀውስ፣ እንግዳ በገባ ቁጥር «የብርጓል፣ ይሄ ቴሌቪዥን እንዴት ነው የሚከፈተው?» ሲለኝ ደረጃ መውጣት መውረድ እግሬን ጨረሰው። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ ቁጥር ክፍል ቁጭ ብዬ ነገሩን በተራ ጻፍኩ። ኮምፒውተር ቤት አስተይቤ፣ በላስቲክ አስለብጬ፣ በየክፍሉ ከአልጋው ራስጌ አስቀመጥኩ።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ የኔታ ወልደ ሰንበት መጡ። ከአምበር ወዲያ፣ መብራት ካልገባበት አገር፣ የቅኔ መምህር ናቸው። ነጭ ጥምጥማቸው ላይ የመንገድ አቧራ ነበረበት።

«ልጄ፣ ቴሌቪዥን ያለበት ክፍል ስጪኝ» አሉኝ። «የልጅ ልጄ ሕሊና ባሕር ዳር ለጥያቄና መልስ ውድድር ቀርባለች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት በቀጥታ ይተላለፋል አሉኝ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እኔው ነኝ ያሳደግኳት።»

ሰባት ቁጥርን ሰጠኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ወርደው መጡ። እኔ ከእህቴ ጋር በስልክ የሰው ሠርግ እያማሁ ነበር።

«ሰማያዊ ብቻ ሆነብኝ፣ ልጄ።»

«የኔታ፣ ሁሉም ካርዱ ላይ ተጽፏል እኮ! ማንበብ ነው!»

ለቅኔ መምህር «ማንበብ ነው» አልኩ፤ አፈር ልብላ! እሳቸው ግን አልተቆጡም። «እሺ፣ ደግሜ ልየው» ብለው ተመለሱ።

ከጠረጴዛዬ ሥር ለራሴ ያስቀመጥኳት ትንሽ ቴሌቪዥን አለችኝ። ስልኩን ስጨርስ ከፈትኳት። ሕሊና መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ ናት። መልሱን ስትመልስ ጣቷን እየቆጠረች ነው። ሁለተኛ ወጣች። አቅራቢው ማንን ታመሰግኛለሽ ሲላት «አያቴን» አለች፤ ከዚያ ካሜራውን ትክ ብላ አይታ «አሁን እያዩኝ ነው» አለች። እኔም አጨበጨብኩ። የኔታ ፎቅ ላይ ሆነው ምን ያህል ደስ ብሏቸው ይሆን እያልኩ እንኳን ደስ አለዎት ልላቸው ወጣሁ።

በሩን ስከፍት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱን ሪሞቶች በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ነው።

ሳላስበው ጮህኩ። «ምን ነካክተውት ነው? ጠዋት እኔው ሞክሬው ይሠራ ነበር! ሌላ ቁልፍ አይንኩ አይልም እንዴ ጽሑፉ?» ስድስት ቁጥር ያለው እንግዳ አንገቱን በበሩ አስግጎ አየን።

የኔታ ካርዷን እንኳ አላነሱም። እንደ ትምህርታቸው በቃላቸው አወጡልኝ።

«በጥቁሩ ሪሞት ቀዩን ቁልፍ ተጭነው ቴሌቪዥኑን ይክፈቱ። ከጎኑ ያለውን ሶርስ የሚለውን ይጫኑ። ዝርዝር ይመጣል፤ በቀስቱ ወርደው አራተኛው መስመር ላይ ኦኬ ይበሉ። በግራጫው ሪሞት ሪሲቨሩን ይክፈቱ። ለክልሉ ቴሌቪዥን አሥራ ሁለትን ይጫኑ። ከዚህ ሌላ ቁልፍ አይንኩ።» «ስድስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ሌላ አልነካሁም፣ ልጄ።»

አራተኛው! አንድ ቁጥር ያለው ቴሌቪዥን አዲስ ነው፤ ሪሲቨሩ የገባው በኤችዲኤምአይ ነው፣ ከዝርዝሩ አራተኛው። የሰባት ቁጥሩ ግን አሮጌ ነው፤ በቀይ፣ በነጭና በቢጫው ገመድ ኤቪ ላይ ነው የተሰካው፣ ሁለተኛው መስመር። እኔ አንዱን አይቼ ለሁሉም ጻፍኩ። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ የነበረበትን ስለሚይዝ፣ ሶርስን ያልነካ ሰው ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን ከፍቶ ያያል። የሚሳሳተው ካርዴን ያነበበ ብቻ ነው። ከጻፍኳት ወዲህ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አላነበባትም ማለት ነው፤ ከየኔታ በቀር።

ሪሞቱን ተቀብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ። ሥዕሉ ወዲያው መጣ። ውድድሩ አልቆ የዘይት ማስታወቂያ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ። የልጅቷ ድምፅ እስከ በሩ ይሰማል፤ «አዩኝ? አያቴ፣ አዩኝ?» ትላለች።

«አላየሁሽም፣ የኔ ዓለም» አሏት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ዕቃው አልገባኝ አለ።»

ስልኩን ቀምቼ «ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ!» ማለት ነበረብኝ። እዚያው እንደቆምኩ አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ስልኩን ዘግተው ቀና አሉ። «አንቺ አይተሻት ይሆን? እስቲ ንገሪኝ።»

እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። መነጽሯን፣ ጣቷን መቁጠሯን፣ ሁለተኛ መውጣቷን፣ አያቴን አመሰግናለሁ ማለቷን። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ሌላስ ምን አለች?» አሉኝ።

«አሁን እያዩኝ ነው» ያለችውን ዋጥ አድርጌ «ሌላ ምንም» አልኳቸው።